ማን ምን ይከፍላል? የለጋሾችን የወጪ ድርሻ ለማሳየት ከሦስት የሠንጠረዥ ዓይነቶች የትኛው ይሻላል

ከዓመታት በፊት በሠራሁበት አንድ አገር በቀል ድርጅት ውስጥ ኦዲተሩ ለሦስት ለጋሾች የላክናቸውን ሪፖርቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። «የሒሳብ ሠራተኛችሁ በጥቅምት ወር ስንት ደመወዝ ተከፈለው?» የተከፈለው አንድ ደመወዝ ነበር። በሦስቱ ሪፖርቶች ላይ የተመዘገበው ሲደመር ግን ከአንድ ደመወዝ በለጠ። ገንዘቡን ወደ ኪሱ ያስገባ ሰው አልነበረም፤ ትርፉ ለጽሕፈት ቤቱ ሌላ ወጪ ውሎ ነበር። ጥፋታችን ሦስቱን ስምምነቶች በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ፋይል መፈራረማችንና አንድም ቀን በአንድ ገጽ ላይ አለማስቀመጣችን ነበር። ከዚያ ወዲህ ከአንድ በላይ ለጋሽ ባለበት ድርጅት ሥራ ስጀምር መጀመሪያ የምጠይቀው ያንን ገጽ ነው።

ገጹ የወጪ ሽፋን ሠንጠረዥ ነው። ከላይ ወደ ታች የበጀት መደቦች ይደረደራሉ፦ ደመወዝ፣ የቤት ኪራይ፣ ነዳጅ፣ ሥልጠና፣ ኦዲትና የመሳሰሉት። ከግራ ወደ ቀኝ ለጋሾቹ ይሰለፋሉ። በመገናኛቸው ላይ ያ ለጋሽ ከዚያ መደብ ምን ያህሉን እንደሚሸፍን ይጻፋል፤ በመጨረሻው ዓምድ ደግሞ ድምሩና ማንም ያልሸፈነው ቀሪ ይቀመጣል። ሐሳቡ ይኸው ነው። ልዩነቱ የሚመጣው በመገናኛው ላይ የምንጽፈው ቁጥር ከምን እንደሚመነጭ ስንጠየቅ ነው። በሥራ ላይ ያየኋቸው አሠራሮች ሦስት ናቸው፦ እያንዳንዱን መደብ ሙሉ በሙሉ ለአንድ ለጋሽ መስጠት፣ መደቡን በመቶኛ ማካፈል፣ እና ድርሻውን በየወሩ ከሥራ መዝገብ ላይ ማስላት።

ምርጫዬን አስቀድሜ ልናገር። ከሁለት እስከ አምስት ለጋሾች ላሉት መካከለኛ ድርጅት አንዱን ብቻ መርጦ ሁሉንም በእሱ ማስኬድ ስሕተት ነው። የፕሮጀክቱን ቀጥተኛ ወጪ በመጀመሪያው፣ ኪራይና መብራትን በሁለተኛው፣ የሠራተኛ ጊዜንና ተሽከርካሪን በሦስተኛው መምራት ይሻላል። ምክንያቱን ከዚህ በታች አስረዳለሁ፤ አንዳንዱ ድርጅት ግን ከሦስቱ በአንዱ ብቻ መኖር ይችላል፤ ያንንም በየቦታው እጠቅሳለሁ።

አንድ መደብ ለአንድ ለጋሽ

ይህ ከሁሉም የጠራው ነው። ኪራዩን ለጋሽ ሀ ይከፍላል፣ የሒሳብ ሠራተኛውን ለጋሽ ለ ይከፍላል፣ ነዳጁን ለጋሽ ሐ ይከፍላል። አንድ ደረሰኝ ወደ አንድ ሪፖርት ብቻ ስለሚሄድ ድርብ ክፍያ የሚገባበት በር ጠባብ ነው። ዋናው ደረሰኝ ላይ «በለጋሽ ሀ የተከፈለ» የሚል ማህተም ከተመታበት በኋላ ሌላ ፋይል ውስጥ ቢገኝ ወዲያው ይታወቃል። ሁለት ለጋሾች ብቻ ላሉት፣ የሒሳብ ክፍሉም በአንድ ሰው ለሚመራ ትንሽ ድርጅት ከዚህ የተሻለ አሠራር የለም።

ችግሩ የጋራ ወጪ ላይ ሲደርስ ይጀምራል። ለጋሽ ሀ የሚደግፈው ፕሮጀክት ከጽሕፈት ቤቱ ሁለት ክፍል ብቻ እየተጠቀመ የስምንት ክፍል ኪራይ ከከፈለ፣ ወጪው ሁለት ጊዜ አልተከፈለም፤ ሆኖም የሌሎቹን ፕሮጀክቶች ድርሻ ለጋሽ ሀ ተሸክሞላቸዋል። አብዛኞቹ ትልልቅ ለጋሾች አንድ ወጪ የእነሱ ፕሮጀክት በተጠቀመበት ልክ ብቻ እንዲጫንባቸው ይፈልጋሉ፤ ስለዚህ ይህ ራሱ የኦዲት ግኝት ሊሆን ይችላል። አነስተኛ የግል ፋውንዴሽን ግን «ኪራያችሁን እኔ ልክፈል» ብሎ በስምምነቱ ላይ በግልጽ ከጻፈ ችግር የለውም። ልዩነቱ ያለው በስምምነቱ ቃል ውስጥ ነው።

ሁለተኛው ድካሙ አንድ ለጋሽ በድንገት ሲወጣ ይታያል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያቆም በብዙ አገሮች ያሉ ድርጅቶች ሥራ አቁሙ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው። መደቡን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ለጋሽ የሰጠ ድርጅት በዚህ ዓይነት ቀን ሙሉ ደመወዝ ወይም ሙሉ ኪራይ ያለ ከፋይ ይቀርበታል። ድርብ ክፍያ የሚወለደው ብዙ ጊዜ በዚህ ጭንቀት ውስጥ ነው፦ ኪራዩ ለጊዜው ወደ ሌላ ለጋሽ ይዞራል፣ ከወራት በኋላ የቀድሞው ለጋሽ ያልተከፈለ ቀሪ ሲልክ ያው ኪራይ በእሱም ሪፖርት ላይ ይገባል።

በመቶኛ ማካፈል

እዚህ እያንዳንዱ የጋራ መደብ በለጋሾቹ መካከል ይከፈላል። መቶኛው ግን ከአየር ላይ የሚመጣ ቁጥር መሆን የለበትም፤ መሠረት ያስፈልገዋል። ለኪራይ፣ ለመብራትና ለጥበቃ ጥሩው መሠረት የክፍል ስፋት ወይም በየፕሮጀክቱ የሚሠሩ ሠራተኞች ቁጥር ነው። አሥር የፕሮጀክት ሠራተኞች ካሉና አምስቱ የፕሮጀክት ሀ፣ ሦስቱ የለ፣ ሁለቱ የሐ ከሆኑ ክፍፍሉ 50፣ 30 እና 20 በመቶ ነው። ይህ መሠረት በአንድ ገጽ ተጽፎ፣ በሥራ አስኪያጁ ተፈርሞ፣ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜና ፕሮጀክት ሲገባ ወይም ሲወጣ መከለስ አለበት። ኦዲተር መጀመሪያ የሚጠይቀው «ለምን 50?» ብሎ ነው፤ «በጀቱ ላይ እንዲህ ስለተፈቀደ» የሚለው መልስ አያጠግበውም።

የዚህ አሠራር ጥቅሙ ጽናቱ ነው። በየወሩ አዲስ ስሌት አያስፈልገውም፣ በኤክሴል አንድ ቀመር ድምሩን ይጠብቃል። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ዓምድ ሦስቱ ለጋሾች ካሉ፣ ከጎናቸው ባለው ዓምድ ይህን መጻፍ ይበቃል፦

```
=IF(ROUND(SUM(D5:F5),4)>1,"ከመቶ በላይ",1-SUM(D5:F5))
```

ድምሩ ከመቶ በመቶ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ካላለፈ ያልተሸፈነውን ቀሪ ያሳያል። በየረድፉ ያለው ቀሪ ራሱ ጠቃሚ መረጃ ነው፤ አዲስ ፕሮፖዛል ሲዘጋጅ ምን መጠየቅ እንደሚቻል ከዚያ ይታያል።

ድካሙ በሰው ጉልበት ላይ ነው። የሠራተኛ ደመወዝ በመቶኛ ሲከፈል ቁጥሩ የበጀት ግምት እንጂ የሥራ ማስረጃ አይደለም። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት የእርዳታ ሒሳብ ደንብ የበጀት ግምት ብቻውን ለደመወዝ ወጪ ማስረጃ ሊሆን እንደማይችል በግልጽ ይናገራል፤ ሰውዬው በእርግጥ የሠራበት ጊዜ መታየት አለበት። ወደ ሦስተኛው አሠራር የሚያሻግረንም ይኸው ነው።

ከመዝገብ ላይ ማስላት

በዚህ አሠራር የሠንጠረዡ መቶኛ ዕቅድ ብቻ ሆኖ ይቆያል፤ በየወሩ መጨረሻ ደግሞ እውነተኛው ድርሻ ይሰላል። ለሠራተኛ የሥራ ሰዓት መመዝገቢያ ቅጽ፣ ለተሽከርካሪ የጉዞ መዝገብ ያስፈልጋል።

የተሽከርካሪውን ምሳሌ እንውሰድ፤ ልዩነቱ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። አንድ መኪና በወሩ 2,400 ኪሎ ሜትር ሄደ እንበል፤ የነዳጅና የዘይት ወጪው 36,000 ብር ነው። ስለዚህ አንድ ኪሎ ሜትር 15 ብር ወጣበት። የጉዞ መዝገቡ ለፕሮጀክት ሀ 1,200፣ ለፕሮጀክት ለ 720፣ ለፕሮጀክት ሐ 300 ኪሎ ሜትር ያሳያል። ቀሪው 180 ወደ ባንክና ወደ መንግሥት ቢሮዎች የተደረገ የጽሕፈት ቤቱ የጋራ ጉዞ ነው። እንግዲህ ለጋሽ ሀ 18,000፣ ለጋሽ ለ 10,800፣ ለጋሽ ሐ 4,500 ብር ይሸከማሉ፤ 2,700 ብሩ በኪራዩ መሠረት ይከፋፈላል። በቋሚ መቶኛ 40፣ 40 እና 20 ተብሎ ቢከፈል ኖሮ ለጋሽ ለ 14,400 ብር ይጫንበት ነበር። ከመዝገቡ 10,800 ብርና ከጋራ ጉዞው 30 በመቶ ድርሻው 810 ብር ጋር ሲነጻጸር 2,790 ብር ያለ አግባብ ማለት ነው፤ በአንድ ወር፣ በአንድ መኪና ብቻ።

ይህ አሠራር ትክክለኛ ነው፤ ዋጋው ግን ትጋት ነው። ሾፌሩ መዝገቡን በየጉዞው ካልሞላ፣ ሠራተኛው የሰዓት ቅጹን በወሩ መጨረሻ በአንድ ቁጭታ ከሞላው መዝገቡ መዝገብ መሆኑ ይቀራል። ለዚህ አንድ ምልክት አለ፦ የሰዓት ቅጹ በየወሩ ያለ ምንም ለውጥ 40፣ 40 እና 20 ካለ፣ ሰውዬው የበጀቱን መቶኛ ገልብጦታል። የዓመት ፈቃድ ላይ በነበረበት ሳምንት ወይም በገና ቀን ሰዓት ተሞልቶ ከተገኘ ደግሞ ጥርጣሬው ወደ ሌሎቹ ሰነዶች ሁሉ ይዛመታል። ለተሽከርካሪው የመስክ ጉዞ ፈቃድና የአበል ክፍያ ከጉዞ መዝገቡ ጋር መመሳሰል አለባቸው፦ ለፕሮጀክት ለ አበል የወሰደ ባለሙያ በዚያው ቀን በፕሮጀክት ሀ መዝገብ ላይ ከተሳፈረ አንደኛው ትክክል አይደለም።

በመዝገብ መሥራት ለሁሉም መደብ አይመከርም። የመብራት ቆጣሪን ለሦስት ፕሮጀክቶች ለይቶ መለካት፣ ወረቀትን በፍሬ መቁጠር ከሚያድነው ገንዘብ የበለጠ ጊዜ ይበላል።

ዓመቱ የሚደብቀው

ከሦስቱ የትኛውም ቢመረጥ፣ ሠንጠረዡ በዓመት ብቻ ከተሠራ ድርብ ክፍያን ይደብቃል። በመግቢያዬ ያነሳሁት የሒሳብ ሠራተኛ ጉዳይ የተፈጠረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ቁጥሮቹን ለማቅለል አስተካክያቸዋለሁ።

ሠራተኛው በወር 30,000 ብር ደመወዝ ነበረው። አሠሪው የሚከፍለው 11 በመቶ ጡረታ 3,300 ብር ሲጨመር ወጪው በወር 33,300፣ በዓመት 399,600 ብር ይሆናል። ለጋሽ ሀ ከጃንዋሪ ጀምሮ 40 በመቶ፣ ለጋሽ ለ ከኤፕሪል ጀምሮ 40 በመቶ፣ ለጋሽ ሐ ከሴፕቴምበር ጀምሮ 30 በመቶ ለመሸፈን ተስማምተዋል። በወር ሲዘረዘር እንዲህ ነው፦

| የወራት ክፍል | ለጋሽ ሀ | ለጋሽ ለ | ለጋሽ ሐ | ድምር |
|---|---|---|---|---|
| ጃንዋሪ – ማርች | 40% | – | – | 40% |
| ኤፕሪል – ኦገስት | 40% | 40% | – | 80% |
| ሴፕቴምበር – ዲሴምበር | 40% | 40% | 30% | 110% |

ሦስቱ በዓመቱ የሚከፍሉት ሲደመር 319,680 ብር ነው፤ ይህም ከሚያስፈልገው 80 በመቶ ብቻ ነው። የዓመቱን ድምር ብቻ ያየ ሰው «ገና 79,920 ብር ይጎድላል፣ ተጨማሪ ለጋሽ እንፈልግ» ይላል። በወር ያየ ሰው ግን ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር በየወሩ 3,330፣ በአራት ወር 13,320 ብር ከደመወዙ በላይ እንደተሰበሰበ ያያል። በአንድ ረድፍ ውስጥ ጉድለትም ድርብ ክፍያም አብረው አሉ።

«ትርፉ የመጀመሪያዎቹን ወራት ጉድለት ይሙላ» የሚል ሐሳብ እኛም አቅርበን ነበር። አይሆንም። ለጋሽ ሐ የሚሸፍነው ስምምነቱ ከጀመረበት ቀን በኋላ የወጣን ወጪ ብቻ ነው፤ የፌብሩዋሪን ደመወዝ በሴፕቴምበር በተጀመረ ገንዘብ መክፈል ራሱን የቻለ ጥሰት ነው። ስለዚህ ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ የጋራ መደብ አሥራ ሁለት የወር ዓምዶች ያሉት አንድ ተጨማሪ ገጽ ይኑረው። ለፕሮጀክት ቀጥተኛ ወጪ ይህ ገጽ አያስፈልግም።

ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ ተጨማሪ ጣጣ አለ፤ የዘመን አቆጣጠሩ። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፣ ይህም በአውሮፓ አቆጣጠር ጁላይ 8 ነው። ደመወዝ በአንዱ ድርጅት በኢትዮጵያ ወር፣ በሌላው በአውሮፓ ወር ይከፈላል። ሠንጠረዡ ደመወዙ የሚከፈልበትን አቆጣጠር ይያዝ፤ የለጋሹ ስምምነት በወሩ መካከል ከጀመረ ደግሞ የዚያ ወር ድርሻ በቀን ተካፍሎ ይግባ። ወሩን በግምት ወደ ሙሉ ማጠጋጋት በመጀመሪያና በመጨረሻ ወር ላይ መደራረብ ይፈጥራል።

በዩሮ ግማሽ፣ በብር ሙሉ

ሁለተኛው መደበቂያ የምንዛሪ ተመን ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲያደርግ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ ወደ 57 ብር አካባቢ ነበር፤ በፈረንጆቹ 2024 መጨረሻ ከ120 ብር አልፏል። ከዚያ በፊት በዩሮ የተፈረመ ስምምነት የያዘ ድርጅት ሁሉ ሠንጠረዡ በአንድ ሌሊት ተዛባበት።

እንዴት እንደሆነ በኪራይ እንይ። ኪራዩ በወር 60,000፣ በዓመት 720,000 ብር ነው እንበል። ለጋሽ ሀ ግማሹን ለመክፈል ሲስማማ አንድ ዩሮ በ60 ብር ተሰልቶ በጀቱ ላይ 6,000 ዩሮ ተጻፈ። ገንዘቡ ሲገባ ዩሮው 120 ብር ደርሷል፤ ያው 6,000 ዩሮ 720,000 ብር ሆነ። በዩሮ የተሠራው ሠንጠረዥ አሁንም «ለጋሽ ሀ ግማሽ ኪራይ» ይላል፤ በብር ግን ሙሉውን ኪራይ መክፈል የሚችል ገንዘብ በመደቡ ላይ ተቀምጧል። ለጋሽ ለ ሌላውን ግማሽ ከከፈለ መደቡ 150 በመቶ ተሸፈነ። የበጀት ቀሪ ስላለ ብቻ ሙሉውን ኪራይ ለለጋሽ ሀ ሪፖርት ያደረገ፣ ግማሹንም ለለጋሽ ለ የላከ ድርጅት ስሕተቱን የሚያየው ኦዲተር ሲመጣ ነው።

ስለዚህ ሠንጠረዡ ወጪው በሚወጣበት ገንዘብ፣ ማለትም በብር ይሠራ። የለጋሹ ድርሻ በመቶኛ ይቀመጥ፤ በውጭ ገንዘብ የተፈቀደው ጣሪያ በሌላ ዓምድ ይታይ። ከምንዛሪ ልዩነት የተገኘው ትርፍ የድርጅቱ አይደለም፤ እንዲመለስ ወይም ወደ ሌላ መደብ እንዲዛወር ለጋሹ በጽሑፍ መጠየቅ አለበት። በዚያን ወቅት ብዙ ዋጋ አብሮ ስለጨመረ ለጋሾች የዝውውር ጥያቄን ሲሰሙ አይቻለሁ፤ ቅድመ ሁኔታው ገንዘቡ ከመነካቱ በፊት መጠየቁ ነበር።

ደረሰኝ የማይጠየቅበት ገንዘብ

አንዳንድ ለጋሾች ለአስተዳደር ወጪ በዝርዝር ሳይሆን በጥቅል ይሰጣሉ። የአውሮፓ ኅብረት በብዙ ስምምነቶቹ ከቀጥተኛ ወጪው እስከ 7 በመቶ ይፈቅዳል፤ ለዚህ ክፍል ደረሰኝ አይጠይቅም። በዚህ ምክንያት ብዙ ሒሳብ ሹሞች ከሠንጠረዡ ያስቀሩታል። በእኔ ልምድ ከሁሉም የበለጠ ስሕተት ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ለጋሽ ለ የሚደግፈው ቀጥተኛ ወጪ 3,000,000 ብር ከሆነ 7 በመቶው 210,000 ብር ነው። የጽሕፈት ቤቱ የዓመት የጋራ ወጪ ደግሞ 900,000 ብር ነው እንበል፦ ኪራይ 720,000፣ መብራት፣ ኢንተርኔትና ጥበቃ 180,000። ለጋሽ ሀ እና ለጋሽ ሐ ይህን እኩል 450,000 ብር ቢከፍሉ ሠንጠረዡ መቶ በመቶ ይላል። 210,000 ብሩ ታዲያ የምን ወጪ ነው? ለጋሽ ለ የሰጠው ለዚሁ ለኪራይና ለመብራት ነበር።

መፍትሔው ሁለት ነው። ወይ 210,000 ብሩ አስቀድሞ ከጋራ ወጪው ላይ ተነስቶ ቀሪው 690,000 ብር ለሁለቱ እኩል 345,000 ይደርሳቸዋል፤ ወይም በሠንጠረዡ ላይ ሌሎቹ የማይሸፍኗቸው መደቦች ለእሱ ይሰየሙለታል፤ ለምሳሌ የቦርድ ስብሰባ፣ የድርጅቱ ጠቅላላ ዓመታዊ ኦዲት፣ የባንክ አገልግሎት ክፍያ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ፤ ለሦስቱም ለጋሾች ለማስረዳት ይቀላል። በምንም መንገድ የማይፈቀደው ግን በዚያው በለጋሽ ለ ስምምነት ውስጥ ኪራይን እንደ ቀጥተኛ ወጪ መጠየቅና 7 በመቶውንም መውሰድ ነው።

እግረ መንገድ በየረድፉ «አስተዳደራዊ» ወይም «ፕሮግራም» የሚል ምልክት ያለው አንድ ዓምድ ቢጨመር መልካም ነው። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ለሕዝብ ወይም ለሦስተኛ ወገኖች ጥቅም የተቋቋመ ድርጅት አስተዳደራዊ ወጪ ከጠቅላላ ገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝ፣ ድምሩ ከዚሁ ገጽ ላይ ይገኛል።

ዕቅዱ በሥራ ላይ መዋሉን ማጣራት

ሠንጠረዡ ዕቅድ ነው፤ ድርብ ክፍያ የሚፈጸመው በደረሰኝ ነው። የወጪ ቫውቸር ቁጥርን መፈተሽ አይበቃም፤ አንድ ደረሰኝ ሁለት ጊዜ ሲወራረድ ሁለት የተለያዩ የቫውቸር ቁጥሮች ያገኛልና። አስተማማኙ መለያ ከሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ ራሱ የያዘው ነው፦ የመሣሪያው መለያ `MRC` እና የደረሰኙ ተራ ቁጥር `FS No.`። ሁለቱን በአንድነት መዝግቡ፤ ተራ ቁጥሩ ብቻውን በሁለት ሱቆች ሊገጥም ይችላል። የእነዚህ ደረሰኞች ጽሕፈት በሙቀትና በጊዜ ብዛት ስለሚደበዝዝ በገቡበት ቀን ፎቶ ኮፒ ይነሣ፤ የማህተሙና የክፍፍሉ ጽሑፍ ግን በዋናው ላይ ይሁን።

በወጪ መዝገቡ ላይ B ዓምድ የመሣሪያው መለያ፣ C ተራ ቁጥሩ፣ F የደረሰኙ ሙሉ ገንዘብ፣ G ለዚያ ለጋሽ የተጫነው ድርሻ ከሆነ፦

```
=ROUND(SUMIFS(G:G,B:B,B2,C:C,C2),2)>F2
```

መልሱ TRUE ከሆነ ከዚያ ደረሰኝ ላይ ለለጋሾች የተከፋፈለው ድምር ከደረሰኙ በልጧል። ይህ እንዲሠራ የሁሉም ለጋሾች ወጪ በአንድ መዝገብ መኖር አለበት። ለየለጋሹ የተለየ ፋይል የሚይዝ ድርጅት የፈለገውን ያህል ጥሩ ሠንጠረዥ ቢኖረው ይህን ማጣሪያ ማድረግ አይችልም። የሦስቱን አሠራሮች ምርጫ እዚህ ላይ ደግመን ብንመዝነው፦ አንድ የጋራ መዝገብ መያዝ የማይችል ድርጅት መደቡን ሙሉ በሙሉ ለአንድ ለጋሽ መስጠት ይሻለዋል፤ የሚችለው በመቶኛ ያካፍል፤ የሰዓት ቅጽና የጉዞ መዝገብ በየቀኑ የሚሞላለት ደግሞ ለደመወዝና ለተሽከርካሪ ወደ ሦስተኛው ይሻገር።

የሒሳብ ሠራተኛችን ጉዳይ በመጨረሻ እንዲህ ተስተካከለ። ከሦስቱ ስምምነቶች የመጨረሻው የለጋሽ ሐ ስለነበር የእሱ ድርሻ ከ30 ወደ 20 በመቶ እንዲወርድ፣ በየወሩም ከ9,990 ብር ይልቅ 6,660 ብር እንዲሸፍን በደብዳቤ ጠየቅን። የተሰበሰበውን 13,320 ብር በማስተካከያ መዝገብ ከሪፖርቱ አወጣን፤ ለጋሹ ተመላሽ ከማድረግ ይልቅ ለመስክ ጽሕፈት ቤቱ የኢንተርኔት ክፍያ እንዲውል በጽሑፍ ፈቀደልን፤ ያ መደብ በሠንጠረዡ ላይ ከፋይ አልነበረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውም አዲስ ስምምነት ከመፈረሙ በፊት የበጀቱ መደቦች በወሩ ሠንጠረዥ ላይ ይሞላሉ፤ ሥራ አስኪያጇም ያንን ገጽ ሳታይ አትፈርምም።